በብር ከበጀት በላይ፣ በዩሮ ከበጀት በታች፦ በሰሜን ሸዋ የአንድ የምንጭ ውሃ ፕሮጀክት መዝጊያ ሪፖርት

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው አቅጣጫ ባለ አንድ ደጋ ቀበሌ ውስጥ የተሠራ የምንጭ ውሃ ፕሮጀክት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከኮረብታው ወገብ የሚፈልቅ ምንጭ ተጎልብቶ፣ ውሃው በራሱ ስበት ወርዶ 50 ሜትር ኩብ በሚይዝ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከዚያም በፕላስቲክ ቧንቧ ወደ 8 ቦኖዎች ይከፋፈላል። ሞተር የለውም፣ ነዳጅም አይፈልግም። ገንዘቡ ከውጭ ለጋሽ የተገኘ 150,000 ዩሮ ሲሆን፣ የቧንቧውን ቦይ የቆፈረው ሕዝቡ ነው። እዚህ የሚቀርበው የመዝጊያ ሪፖርቱ ጉዳይ ነው። የቀበሌው፣ የለጋሹና የአስፈጻሚው ስም ተትቷል፣ ቁጥሮቹም ተጠጋግተዋል።

የሪፖርቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤትም ከለጋሹም ተመልሷል። ረቂቁ አራት ክፍሎች ነበሩት፦ የተሠሩ ሥራዎች፣ የበጀት አፈጻጸም፣ ያልተፈቱ ጉዳዮች፣ ትምህርቶች። ክፍሎቹ ትክክለኛ ናቸው። ችግሩ አንዱ ክፍል ሌላውን አለማወቁ ነው። በሥራ ክፍሉ «መቶ በመቶ ተሳክቷል» የተባለው ነገር በበጀት ክፍሉ ልዩነት ሆኖ ይታያል፣ በሦስተኛው ክፍል ደግሞ «አንዳንድ ጥቃቅን ጉዳዮች» ተብሎ ያልፋል። ሦስቱም የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ክስተት ነበር።

የተሠራው ሥራ እንዴት ተቆጠረ

ረቂቁ የሚለው ይህን ነው፦ ምንጭ 1 ከ1፣ ማጠራቀሚያ 1 ከ1፣ ቧንቧ 108 በመቶ፣ ቦኖ 8 ከ8፣ ተጠቃሚ 3,600 ከ3,600 ሰው። ከእነዚህ አምስት ቁጥሮች ያለ ማብራሪያ ሊቆሙ የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከተጠቃሚው ቁጥር እንነሳ። በገጠር የውሃ አቅርቦት መለኪያው ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። ለ3,600 ሰው በቀን 90,000 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም በሰከንድ ከ1 ሊትር ጥቂት ይበልጣል። ጥናቱ ሲሠራ ምንጩ የተለካው በኅዳር ነበር። 20 ሊትር ባልዲ በ14 ሰከንድ ሞላ፣ ይኸውም በሰከንድ 1.4 ሊትር ነው። በዚህ ልኬት ውሃው ከበቂ በላይ ይመስላል። ነገር ግን ኅዳር ክረምቱ ካለፈ ገና ሁለት ወር ነው፤ መሬቱ የጠጣውን ውሃ አሁንም እየመለሰ ነው። ምንጭ የሚለካው በሚደክምበት ወቅት ነው። በዚህ አካባቢ በልግ በደህና ሲዘንብ ምንጩ በመካከል ትንሽ ያገግማል፣ በልግ ሲቀር ግን እስከ ሰኔ እያነሰ ይሄዳል። በግንቦት 2017 መጨረሻ፣ ከርክክቡ በፊት፣ በዚያው ባልዲ እንደገና ተለካ፤ አሁን ለመሙላት 23.5 ሰከንድ ወሰደ። ይህ በሰከንድ 0.85 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 73,440 ሊትር ነው። ለ25 ሊትር ሲካፈል 2,937 ሰው ይሆናል።

ስለዚህ በተስተካከለው ሪፖርት ላይ የተጻፈው «3,600 ሰው» አይደለም። «በአብዛኛው ዓመት 3,600 ሰው በቀን 25 ሊትር ያገኛል፤ ምንጩ በሚደክምበት ወቅት የሚበቃው ለ2,900 ሰው ገደማ ነው፣ ወይም ለሁሉም ሲከፋፈል ለአንድ ሰው 20 ሊትር ይደርሳል» የሚል ነው። ልኬቱ የተወሰደበት ቀን፣ የባልዲው መጠንና የሰከንዱ ቁጥርም አብሮ ገብቷል። ይህ ፕሮጀክቱን አያሳንሰውም። የወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወረፋ ሲረዝም ቧንቧው ተሰብሮ እንደሆነ ከመፈለግ ይድናል።

ቀጥሎ የቧንቧው 108 በመቶ አለ። በዕቅዱ 6,500 ሜትር ነበር፣ የተዘረጋው 7,000 ሜትር ነው። ከዕቅድ በላይ ቧንቧ መዘርጋት ውጤት አይባልም፤ የዲዛይን ለውጥ ምልክት ነው። የመጀመሪያው መስመር የደብሩን መካነ መቃብር ጫፍ ይነካ ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤና የቀበሌው ሽማግሌዎች እንዲዞር ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በጥናቱ ወቅት ቢጠየቁ ኖሮ ያኔውኑ ይነገር ነበር። መስመሩ ሲዞር 500 ሜትር ጨመረ፤ ከርዝመቱ ይልቅ የከበደው ግን አንዲት ጉብታ መሻገሩ ነው። ይህች ጉብታ በቀሪው የሪፖርቱ ክፍል ሁሉ ትመጣለች።

ስምንተኛው ቦኖ ያለው ከጉብታዋ ማዶ ነው። ተሠርቷል፣ ቧንቧውም ተገናኝቷል፣ በቆጠራ «8 ከ8» ነው። ሲከፈት ግን ያስላል፦ አየር ይተፋል፣ ጥቂት ውሃ ይሰጣል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይተፋል። ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው በታች ያሉት ቦኖዎች ጠዋት አንድ ላይ ሲከፈቱ ግፊቱን መሻማታቸው ነው። ሁለተኛው በጉብታዋ ጫፍ ቧንቧው ውስጥ አየር ተጠራቅሞ የውሃውን መተላለፊያ ማጥበቡ ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ሌሎቹ ቦኖዎች ሁሉ በማታ ተዘጉ፣ ስምንተኛው ብቻ ተከፈተ። ግፊት መሻማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ውሃው መስተካከል ነበረበት። አልተስተካከለም፤ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 4 ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ በጉብታዋ ጫፍ ላይ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ በጥንቃቄ ላላ ተደረገ። አየሩ እያፏጨ ለደቂቃዎች ወጣ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ መርጨት ሲጀምር መጋጠሚያው ጠበቀ። ያው ጀሪካን በ80 ሰከንድ ሞላ። በሳምንቱ ደግሞ ማሳሉ ተመለሰ፣ ምክንያቱም አየር ከውሃው ጋር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየገባ ከፍታ ላይ ይጠራቀማል። የሚያስፈልገው በጫፉ ላይ አንድ አየር ማስወጫ ቫልቭና መከላከያ ሳጥኑ ነው። በመጀመሪያው ዲዛይን ጉብታ ስላልነበረ ቫልቭም አልተገዛም።

ሪፖርቱ ስለዚህ «ቦኖ፦ 8 ተሠርተዋል፣ 7 ያለ ችግር ይሠራሉ፣ 8ኛው አየር ማስወጫ ይፈልጋል (ያልተፈቱ ጉዳዮች ቁጥር 1 ይመልከቱ)» ይላል። ርክክቡን የፈረመው ኮሚቴም ይህንኑ ፈርሟል።

የበጀቱ ልዩነት

ብዙ ሰው ቀጥታ የሚሄደው ወደዚህ ክፍል ነው፣ ረቂቁም በጣም የተሳሳተው እዚህ ነው። በጀቱ የተሠራው በየካቲት 2016፣ አንድ ዩሮ 61 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው። 150,000 ዩሮ 9,150,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ገንዘቡ የገባው በሁለት ጊዜ ነው፦ 80,000 ዩሮ በመጋቢት 2016 በዚያው 61 ብር ተመንዝሮ 4,880,000 ብር፣ 70,000 ዩሮ ደግሞ በጥቅምት 2017 በ128 ብር ተመንዝሮ 8,960,000 ብር። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አድርጓል። በአጠቃላይ የገባው 13,840,000 ብር ነው።

| የበጀት ርዕስ | የታቀደ (ብር) | የወጣ (ብር) |
|---|---|---|
| የግንባታ ሥራ | 3,400,000 | 4,700,000 |
| ቧንቧና መጋጠሚያ | 2,600,000 | 5,215,000 |
| ሥልጠናና የውሃ ኮሚቴ | 750,000 | 420,000 |
| ደመወዝና ትራንስፖርት | 1,500,000 | 1,940,000 |
| አስተዳደር | 900,000 | 1,010,000 |
| ድምር | 9,150,000 | 13,285,000 |

ረቂቁ በዚህ ሠንጠረዥ ሥር «በዋጋ ንረት ምክንያት ወጪው ከበጀቱ በ45 በመቶ በልጧል» ብሎ አለፈ። ለጋሹ ይህን ሲያነብ ግራ ተጋባ፤ እሱ የላከው 150,000 ዩሮ ነው፣ ከዚያ በላይ አልተጠየቀም፣ እንዲያውም ገንዘብ ተርፏል። የተረፈው 555,000 ብር ሲሆን፣ በሁለተኛው ክፍያ ተመን 4,336 ዩሮ ነው። በዩሮ ሲታይ ፕሮጀክቱ ከበጀቱ 3 በመቶ ገደማ በታች ነው ያወጣው። ሁለቱም አኀዝ እውነት ነው፣ አንዱ ብቻ ሲጻፍ ግን ያሳስታል። የተስተካከለው ሪፖርት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በምን ተመን እንደተሰላ በግልጽ ጽፏል።

ተመኑን መጻፍ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። የተረፈው ገንዘብ ለለጋሹ ይመለስ ሲባል ስንት ዩሮ ነው? በሁለተኛው ክፍያ ተመን 4,336፣ በሁለቱ ክፍያዎች አማካይ (92.27 ብር) 6,015፣ ሪፖርቱ በሚጻፍበት ጊዜ በነበረው 160 ብር ገደማ ደግሞ 3,470 ያህል ነው። መልሱ ያለው በስምምነቱ ውስጥ ነው፤ ብዙ ስምምነቶች መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ እንደወጣ ይቆጥራሉ፣ ሌሎች አማካይ ይጠቀማሉ። ሒሳብ ክፍሉ ከሪፖርቱ በፊት ይህን አንቀጽ ካላነበበ፣ ኦዲተሩ በሌላ ተመን አስልቶ የሌለ ጉድለት ያገኛል።

ከሠንጠረዡ ትልቁ ልዩነት የቧንቧው ነው፤ 2,615,000 ብር። «ዋጋ ጨመረ» ማለት አይበቃም፣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉበት። በበጀቱ 6,500 ሜትር በአማካይ 400 ብር ነበር። የተገዛው 7,000 ሜትር በ745 ብር ነው። የተጨመረው 500 ሜትር በድሮው ዋጋ 200,000 ብር ነው፤ ይህ የመቃብሩ ዙሪያ መንገድ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። ቀሪው 2,415,000 ብር የዋጋ ልዩነት ነው፣ እሱም ለሁለት ይከፈላል። በግንቦት 2016 ከአዲስ አበባ አቅራቢዎች የተሰበሰበው ፕሮፎርማ 455 ብር ነበር፣ የሚጸናውም ለ15 ቀን። ከበጀቱ በ55 ብር መብለጡ የተለመደ የገበያ ጭማሪ ነው፤ በ7,000 ሜትር ሲባዛ 385,000 ብር ይሆናል። የግዥ ኮሚቴው ግን መስመሩ ገና ስላልጸደቀ ስንት ሜትር እንደሚገዛ አልወሰነም። መስመሩ በሰኔ መጨረሻ ሲወሰን ፕሮፎርማው ጊዜው አልፎ ነበር። አዲሱ እየተሰበሰበ ሳለ ሐምሌ 22 መጣ፣ ከዚያ ለሳምንታት አቅራቢዎች ዋጋ መስጠት አቆሙ። ግዥው የተፈጸመው በኅዳር 2017 ነው። ከ455 ወደ 745 ያለው ልዩነት 290 ብር፣ በጠቅላላ 2,030,000 ብር፣ የመዘግየቱ ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ተነሳ፣ ሌሎች ፕሮጀክቶችም የሚገጥማቸው ስለሆነ በደንብ መታየት አለበት። ቧንቧው የተከፈለው የመጀመሪያው ክፍያ ካለቀ በኋላ፣ ከሁለተኛው ነው። 5,215,000 ብር በ128 ሲካፈል 40,742 ዩሮ ነው። በጀቱ በዩሮ 42,623 ነበር። በሰኔ በ455 ብር ተገዝቶ ቢሆን ደግሞ 3,185,000 ብር በ61 ሲካፈል 52,213 ዩሮ ይወጣ ነበር። እንግዲህ መዘግየቱ 11,000 ዩሮ አተረፈ ሊባል ነው። ስሌቱ አይሳሳትም፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ፕሮጀክቱ የተቀበለው ጠቅላላ ብር 13,840,000 ነው፤ ቧንቧው ቀድሞ ተገዛ ዘግይቶ ተገዛ፣ ይህ አይለወጥም። ቧንቧው በሰኔ ቢገዛ ኖሮ ከሁለተኛው ክፍያ የሚከፈለው ሌላው ወጪ ይሆን ነበር፣ በመጨረሻም 2,030,000 ብር ተጨማሪ በእጅ ይቀር ነበር። በሁለተኛው ክፍያ ተመን ይህ ወደ 15,860 ዩሮ ነው። የአንድ ርዕስ ወጪ በዩሮ ማነሱ የሚያሳየው ገንዘቡ ከየትኛው ክፍያ እንደወጣ ብቻ ነው። ስሌቱ የሚለወጠው ሁለተኛው ክፍያ ከሐምሌ 22 በፊት ገብቶ በ61 ተመንዝሮ ቢሆን ኖሮ ነው፤ ያ ግን አልሆነም። ሪፖርቱ መዘግየቱን እንደ ትርፍ አልጻፈውም፤ 2,030,000 ብር ያስወጣ መዘግየት ብሎ ምክንያቱን ከመስመር ለውጡ ጋር አያይዞ ጽፎታል።

የግንባታው 1,300,000 ብር ጭማሪ አጭር ነው። 450,000 ብሩ በሥራ ትእዛዝ የተጨመረ ሥራ ነው (የግፊት መቀነሻ ሳጥንና ምንጩን ከጎርፍ የሚከላከል የድንጋይ ግንብ)። 850,000 ብሩ የዋጋ ማስተካከያ ነው። ውሉ ቁርጥ ዋጋ ስለነበርና የማስተካከያ አንቀጽ ስላልነበረው ተቋራጩ ሥራ አቁሞ ነበር፤ የሲሚንቶና የብረት ደረሰኞች ተመርምረው በተጨማሪ ውል ተስማሙ። ደመወዙ የጨመረው ፕሮጀክቱ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ በአራት ወር ስለተራዘመ ነው።

የሥልጠናው 330,000 ብር ግን ረቂቁ «ቁጠባ» ያለው ስለሆነ መታረም ነበረበት። ሦስት ዙር ሥልጠና ታቅዶ የተካሄደው አንድ ብቻ ነው። በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸው ወራት ስለነበሩ አሠልጣኞቹ ከደብረ ብርሃን መውጣት አልቻሉም። ያልተሰጠ ሥልጠና ቀሪ ሥራ ይባላል፣ ቦታውም ያልተፈቱ ጉዳዮች ክፍል ነው። አንድ ማጣሪያ እዚህ ይጠቅማል፦ በጀት ሳይወጣ የቀረው ሥራው ተሠርቶ ነው ወይስ ሳይሠራ? ሳይሠራ ከሆነ ቁጠባ አይባልም።

በባንክ ያለው 790,000 ብር

ሒሳቡ በተዘጋበት ቀን የባንኩ መግለጫ 790,000 ብር ያሳያል፣ ሪፖርቱ ግን የተረፈው 555,000 ነው ይላል። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሪፖርቱን የመለሰበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ልዩነቱ 235,000 ብር ሲሆን፣ ከተቋራጩ ክፍያ 5 በመቶ ተይዞ የቆየ መያዣ ነው። ወጪ ሆኖ ተመዝግቧል፣ አልተከፈለም። ጊዜያዊ ርክክቡ በሐምሌ 2017 ስለሆነ፣ የ12 ወር የጉድለት ማረሚያ ጊዜው የሚያበቃው በሐምሌ 2018 ነው። በዚያ ጊዜ ግን ፕሮጀክት የለም፣ የባንክ ሒሳቡም ተዘግቷል፣ መሐንዲሱም ሌላ ሥራ ላይ ነው።

መያዣው ለተቋራጩ ቢለቀቅ ጉድለት ሲገኝ የሚመልሰው አይኖርም። ለለጋሹ ቢመለስ ለተቋራጩ የሚከፈል ዕዳ ያለ ገንዘብ ይቀራል። የተወሰደው መፍትሔ አስፈጻሚው፣ ተቋራጩና የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሦስትዮሽ ስምምነት ገንዘቡን በጽሕፈት ቤቱ የአደራ ሒሳብ ማስቀመጥ ነው፤ የሚለቀቀው የወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት የመጨረሻ ርክክብ ሲፈርም ነው። ሌላው መንገድ ተቋራጩ በመያዣው ልክ የባንክ ዋስትና አምጥቶ ጥሬ ገንዘቡን እንዲወስድ ነበር፣ ትንሽ ተቋራጭ ግን ዋስትና ለማግኘት ያንኑ ያህል ገንዘብ ባንክ ማስያዝ ስላለበት አልመረጠውም። የትኛውም ቢሆን ሪፖርቱ ከባንክ መግለጫው ጋር የሚያስታርቅ ሦስት መስመር ያስፈልገዋል፦ በባንክ ያለ 790,000፣ ሲቀነስ መያዣ 235,000፣ ተመላሽ 555,000።

ያልተፈቱት ጉዳዮች

በረቂቁ ስምንት ነበሩ፣ አብዛኞቹ «ክትትል ያስፈልጋል» በሚል የሚያልቁ። ባለቤት፣ ቀንና ገንዘብ የሌለው ጉዳይ ሁሉ ወጥቶ ሦስት ቀሩ።

የመጀመሪያው የ8ኛው ቦኖ አየር ማስወጫ ነው። ቫልቭ፣ ሳጥንና ክዳን ከመገጣጠሚያው ጋር 38,000 ብር ተገምቷል። ተቋራጩ አይጠየቅበትም፤ መስመሩን ያዞረው አሠሪው ነው፣ ተቋራጩ የታዘዘውን ሠርቷል። ስለዚህ ከተረፈው 555,000 ብር እንዲወጣ ለለጋሹ በደብዳቤ ተጠይቋል። ጥያቄው የቀረበው የፕሮጀክቱ ዘመን ሳያልቅ ነው። ከማብቂያው ቀን በኋላ የወጣ ገንዘብ፣ ምንም ያህል ተገቢ ቢሆን፣ በኦዲት ተቀባይነት የለውም። ሠሪው የወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ቀኑም እስከ መስከረም 30 ቀን 2018።

ሁለተኛው ድንጋያማ ቦታ ላይ ያለ 120 ሜትር ቧንቧ ነው። ቦዩ 80 ሳንቲ ሜትር መጥለቅ ሲገባው እዚያ 30 ብቻ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለው አፈር በጎርፍ ከተጠረገ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ አጠገቡ ሲታረስ ደግሞ ማረሻ ያገኘዋል። መፍትሔው ያን 120 ሜትር በጋልቫናይዝድ ብረት ቧንቧ መተካት ወይም በኮንክሪት መሸፈን ነው። የቆፈረው ሕዝቡ ቢሆንም ጥልቀቱን ሳይለካ ቧንቧ ያስገባው ተቋራጩ ስለሆነ፣ በማረሚያ ጊዜው ውስጥ በራሱ ወጪ እንዲሸፍነው ተፈርሟል። የ235,000 ብሩ መያዣም ዋስትናው ይኸው ነው፤ በሪፖርቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

ሦስተኛው ያልተሰጠው ሥልጠና የተወው ክፍተት ነው። የውሃ ኮሚቴው ተመርጧል፣ ክፍያም ተወስኗል፦ በቤተሰብ በወር 20 ብር። 640 ቤተሰብ ሁሉም ቢከፍል 12,800 ብር ይሆናል፣ በሦስት ወር የታየው ግን ወደ ግማሽ ነው። ከዚያ ላይ ለጥበቃና ለቧንቧ ሠራተኛ 6,000 ብር ሲወጣ የሚቀረው ለክሎሪን ብቻ የሚበቃ ነው። ቧንቧ ሲሰበር የሚገዛበት የለም። ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ስለ ክፍያ አሰባሰብና ስለ ሒሳብ መዝገብ፣ ሦስተኛው ስለ ጥገና ነበር። የወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሁለቱን ዙሮች በ2018 በጀት ዓመት ዕቅዱ ውስጥ አስገብቷል፤ የዕቅዱ ገጽ ቅጂ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል። «ቃል ገብቷል» ከሚል ዐረፍተ ነገር ይልቅ ይህ ገጽ ይሻላል።

ትምህርቶች

ረቂቁ «ቅንጅት መጠናከር አለበት»፣ «ዕቅድ በጥናት ላይ መመሥረት አለበት» የሚሉ ነበሩት። ማንም አይቃወማቸውም፣ ማንም በእነሱ ምክንያት ነገ የተለየ ነገር አይሠራም። በተስተካከለው ሪፖርት እያንዳንዱ ትምህርት የትኛው ቅጽ ወይም የትኛው የውል አንቀጽ እንደሚለወጥ እንዲናገር ተደረገ።

የምንጭ ልኬት ቅጹ አሁን አንድ ቀን ብቻ አይቀበልም። ሁለት ልኬት ይጠይቃል፣ አንዱ የግድ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ሳይገባ፤ ዲዛይኑ የሚሠራው በትንሹ ነው። ይህን መጠበቅ ፕሮጀክትን እስከ ስድስት ወር ሊያዘገይ ይችላል፣ ለጋሽም አይወደውም። ያም ሆኖ የአካባቢው ሰው ምንጩ በክፉ ዓመት ምን ያህል እንደሚሆን ያውቃል። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች «በሰኔ እንስራ ለመሙላት ስንት ያስጠብቃችኋል?» ተብለው ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ ልኬት ባይሆንም ማስጠንቀቂያ ነው።

የመስመር ጥናት ቅጹ መሐንዲሱ ከመሬት ባለይዞታዎች፣ ከቀበሌውና ከሰበካ ጉባኤው ጋር መስመሩን በእግር ተጉዞ ሦስቱን የሚያስፈርምበት ቦታ ተጨመረለት። በዚህ ፕሮጀክት ላይ ያ ፊርማ የሚተካው ነገር ሲደመር የ500 ሜትሩ 200,000፣ የመዘግየቱ 2,030,000 እና የቫልቩ 38,000 ነው። መስመሩ ከተፈረመ በኋላ ከፍታ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ በካርታው ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ የአየር ማስወጫ ቁጥሩም ከዚያ ይቆጠራል። መስመር በተለወጠ ቁጥር ቆጠራው እንደገና ይሠራል።

በግዥ በኩል የኮሚቴው የስብሰባ ቀን ከፕሮፎርማው የመጽኛ ቀን ጋር ተያይዟል። ፕሮፎርማ ከመሰብሰቡ በፊት ስብሰባው ይቀጠራል፤ ለ15 ቀን የሚጸና ከሆነ በ10ኛው ቀን። መስመሩ በከፊል የተወሰነ ከሆነም የተወሰነው ክፍል ይገዛል። ከ6,500ው ሜትር ውስጥ መቃብሩ የሚነካው ከሩብ በታች ነበር፣ ሌላውን በግንቦት ለመግዛት የሚከለክል ነገር አልነበረም።

የሕዝብ ጉልበት ሥራ ሲታቀድ የሥራ ቀን የሚቆጠረው በአካባቢው የሥራ ቀን ነው። በዚህ ቀበሌ እሑድን፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምንና ሌሎች የወር በዓላትን ሲቀንሱ በወር የሚቀረው ከ20 ቀን በታች ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አዝመራ ነው። ዕቅዱ 26 ቀን ስለቆጠረ ቁፋሮው ከመነሻው ዘግይቶ ይታይ ነበር። ሕዝቡ ግን የተዋዋለውን ቀን ሁሉ ወጥቷል፤ ይህ በሪፖርቱ በግልጽ እንዲጻፍ የቀበሌው አመራር ጠይቆ ተጽፏል።

የመያዣ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ በተቋራጩ ውል ውስጥ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይሆናል። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም እንዲሁ፣ ቢያንስ ለሲሚንቶና ለብረት፣ መነሻ ዋጋውና ደረሰኙ ከየት እንደሚወሰድ ተጽፎ። ከለጋሽ ጋር በሚፈረመው ስምምነት ደግሞ ብር ሲወድቅ የሚገኘው ተጨማሪ ብር ለምን እንደሚውልና በማን ፈቃድ እንደሚውል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመራል፤ በዚህ ፕሮጀክት ያን ፈቃድ ለማግኘት ሰባት ሳምንት ፈጅቷል፣ ተቋራጩ ሥራ ያቆመውም በዚያ መካከል ነው።

ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘው የመጨረሻው ሰነድ የተዘረጋው መስመር ካርታ ነው፤ የዲዛይኑ ሳይሆን በመሬት ላይ ያለው። ጉብታዋ፣ ድንጋያማው 120 ሜትር፣ ቫልቮቹ ሁሉና እያንዳንዱ ማዞሪያ በጂፒኤስ ነጥብ ተቀምጠዋል። ሦስት ቅጂ ተሠርቷል፦ አንዱ ለወረዳው ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለቀበሌው፣ ሦስተኛው በፕላስቲክ ተሸፍኖ የቧንቧ ሠራተኛው ዕቃ በሚያስቀምጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።